የነሐሴ ወንዝ ያታልላል

አንድ አነስተኛ የእሸት ቡና ማጠቢያ በቀን 10,000 ኪሎ እሸት ይቀበላል እንበል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ሲዘጋጅለት፣ መጀመሪያ የሚታየው ገጽ የመነሻ መረጃው ነው። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚደበቀውም እዚያው ነው። ባለሙያው የወንዙን ናሙና በነሐሴ ከቀዳ፣ ወንዙ ሞልቶ ስለሚፈስ ማንኛውንም ቆሻሻ የሚችል ይመስላል። ማጠቢያው ግን የሚሠራው በጥቅምትና በኅዳር፣ ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ናሙናው በዚያ ወቅት፣ ከማጠቢያው በላይና በታች መወሰድ አለበት።

ጉዳቱ የሚመጣው ከቡናው ስኳርና አጣባቂ ልጋግ ነው። ተህዋስያን ይህን ሲያብላሉ በውኃው የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ አሲዳማም ይሆናል። ታች ያሉ ከብቶች አፋቸውን ነክረው ሲመለሱ ላቦራቶሪ መጠበቅ አያስፈልግም።

መቀነሻው በስሌት ይጀምራል። ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትር ውኃ ከፈሰሰ በቀን 100,000 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል፤ በ60 የሥራ ቀናት 6,000 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ይጠይቃል። ውኃው እየተጣራ ተመልሶ ጥቅም ላይ ውሎ ፍጆታው ወደ 2 ሊትር ከወረደ 1,200 ይበቃል።

ይሁንና ውኃ መቆጠብ ስኳሩን አያጠፋም፤ ፍሳሹን ያወፍረዋል እንጂ። ስለዚህ ጉድጓዱ እንዳያሰርግ ይለበጣል፣ አሲዱን ለማለዘብ ኖራ ይጨመራል፤ ገለፈቱ ደግሞ ለብቻው ተከምሮ ኮምፖስት ይሆናል። ሰነዱ ጉድጓዱ ሲሞላ ማጠቢያውን ማን እንደሚያስቆም ካልጻፈ፣ ትርፉ በሌሊት ወደ ወንዝ ይለቀቃል።