ጠረጴዛው ደፉ ላይ ሲደርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የተከራየ የእንጨትና የብረት ሥራ ሱቅ አለ። ሱቁ ጠባብ ነው። ቀን ቀን የሥራ ጠረጴዛው ወደ በረንዳው ይወጣል፣ ማታ ተመልሶ ይገባል። ባለሙያው ጠረጴዛውን በአራት ሰው ማሸከም ሲሰለቸው ከእግሮቹ ስር አራት ጎማ ገጠመ፤ ካስተር የሚባሉትን፣ የሱፐርማርኬት ጋሪና የሆስፒታል አልጋ የሚሄድባቸውን ትንንሽ ጎማዎች ነው። እያንዳንዳቸው «100 ኪሎ» ይላሉ። አራቱ ሲደመሩ 400፣ ጠረጴዛው ደግሞ ከነዕቃው 250። ሒሳቡ ከበቂ በላይ ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ልጆች ጠረጴዛውን ገፍተው ሲያስገቡ የፊት ጎማዎቹ የበሩን ደፍ መቱ። ደፉ ከወለሉ ከፍ የሚለው አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ጎማው ተሰበረ!» አለ አንደኛው። ጎማው ግን አልተሰበረም፤ ሲሽከረከር ድምፅ እንኳ የለውም። የጎበጠው ጎማውን ከጠረጴዛው እግር ጋር ያያያዘው ቡሎን ነው።

ለመሆኑ 100 ኪሎ የሚችል ጎማ 60 ኪሎ ተሸክሞ እንዴት ይጎብጣል?

ጎማው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚናገረው ከላይ ወደ ታች ስለሚጫን ክብደት ነው፤ ያውም በለስላሳ ወለል ላይ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት። ከጎን ስለሚመጣ ግፊት ምንም አይልም። ሱቅ ውስጥ ያለ ጠረጴዛ ግን አብዛኛውን ፈተና የሚያገኘው ከጎን ነው፤ ሲገፋ፣ ደፍ ሲመታ፣ መላጊያ ሲሄድበት፣ ሞርሳው ላይ የታሰረ ብረት ሲታጠፍ።

የደፉን ነገር በቁጥር ማየት ይቻላል። 250 ኪሎው ለአራት ሲካፈል አንዱ ጎማ ላይ ወደ 62 ኪሎ ያርፋል። የተገዙት ጎማዎች ስፋታቸው 75 ሚሊ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ 62 ኪሎ ተሸክሞ የአንድ ሳንቲም ደፍ እንዲወጣ ወደ 58 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል፤ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ከ110 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ያህል ገፍተው አልቻሉትም። ወደ ኋላ መለስ ብለው በሩጫ መጡበት። ያ ሁሉ ግፊት ያለፈው ደግሞ የጣት ውፍረት በሌላት አንዲት ቡሎን በኩል ነው።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ዓይነት ጎማዎች ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው። አንደኛው ባለ ቡሎን ነው፤ ከጎማው ሹካ አናት ላይ ጥርስ የወጣለት ዘንግ ብቅ ይልና እግሩ ውስጥ በተበየደ ዳዶ ላይ ይጠመዘዛል። ሁለተኛው ባለ ላሜራ ነው፤ ሹካው አናት ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት አለና በአራት ቡሎን ይታሰራል። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲታዩ የመጀመሪያው ይመረጣል። ለመግጠም አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋጋውም ይቀላል።

የባለሙያው ቡሎን ውፍረት 12 ሚሊ ነበር። ጥርሱ ሲቀነስ ውስጡ የሚቀረው 10 ሚሊ ግድም ነው። ጎማው ደፉን ሲመታ ግፊቱ የሚያርፈው ከቡሎኑ ስር 6 ሳንቲም ዝቅ ብሎ፣ የጎማው ዘንግ ላይ ነው፤ ስድስት ሳንቲም የምትረዝም ቺያቬ ላይ 58 ኪሎ እንደ መንጠልጠል ቁጠሩት። በዚህ ላይ የሚዞር ጎማ ከቡሎኑ ትክክል ሳይሆን ሦስት ሳንቲም ያህል ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ የራሱ የጠረጴዛው ክብደትም ቡሎኑን ወደዚያው አቅጣጫ ያጎብጠዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 10 ሚሊ ተራ ብረት መጉበጥ ከሚጀምርበት ጉልበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የሚገርመው መጉበጡ ሳይሆን ሦስት ሳምንት መቆየቱ ነው።

ባለ ላሜራው ላይ ያው ግፊት ሌላ መልክ ይይዛል። ላሜራው በአንድ በኩል ወደ ላይ ሊነሳ፣ በሌላ በኩል ሊጫን ይሞክራል። ቀዳዳዎቹ 80 ሚሊ ተራርቀው ስለሚገኙ ወደ ታች የሚጎተቱት ሁለቱ ቡሎኖች እያንዳንዳቸው የሚያገኙት ጭነት ከ40 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ተራ ቡሎን ደግሞ በቀጥታ ሲጎተት ከ800 ኪሎ በላይ ይችላል። እዚያ አንድ ቡሎን ይጎብጣል፣ እዚህ አራት ቡሎን ይጎተታል። ብረት መጎተትን እንጂ መጉበጥን እምብዛም አይወድም።

የጎበጠችው አንዲቷ ብቻ መሆኗም ምክንያት አለው። ሱቁ ወለል ላይ አንዱ እግር ይንቀጠቀጥ ስለነበር ባለሙያው ያቺን ጎማ ሁለት ሳንቲም ያህል ፈታ አድርጎ ጠረጴዛውን አስተካክሎ ነበር። በዘዴው የሚኮራ ሰው ነው። ነገር ግን ባለ ቡሎን ጎማ ጥንካሬ የሚያገኘው የሹካው አናት ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ነው። ሁለት ሳንቲም ጥርስ ባዶውን ሲታይ የግፊቱ ርዝመት ከስድስት ወደ ስምንት ሳንቲም አደገ፣ የሚደግፈውም ጠፋ። ጠረጴዛን ለማስተካከል በጎማው ላይ ስስ ላሜራ ወይም ሮንዴላ መደርብ ይገባል እንጂ ቡሎኑን መፍታት አይገባም።

ይህ ማለት ባለ ቡሎን ጎማ የማይረባ ነው ማለት አይደለም። ለቁም ሳጥን፣ ለዕቃ መደርደሪያ፣ ሴራሚክ ላይ ብቻ ለሚሄድ ቀላል ጠረጴዛ ጥሩ ነው። የጠረጴዛው እግር ቀጭን ቱቦ ከሆነና ላሜራ የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ ግድ ይሆናል። ያኔ ከ12 ይልቅ 16 ሚሊ መፈለግ ያዋጣል። ልዩነቱ አራት ሚሊ ብቻ ቢመስልም ለመጉበጥ የሚፈልገው ጉልበት በሁለት እጥፍ ተኩል ይጨምራል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ጠረጴዛውን የሚመዝን ሚዛን ስለሌለ ባለሙያው ቁጭ ብሎ ደመረ። ገጹ ሁለት ሜትር በ80 ሳንቲም፣ 6 ሳንቲም ውፍረት ያለው የደረቀ ባሕር ዛፍ፤ ወደ 70 ኪሎ። እግሩና ማሰሪያው 60 በ60 ባለ 3 ሚሊ ቱቦ ብረት፣ 13 ሜትር፤ በሜትር 5 ኪሎ ከምናምን ሲታሰብ ሌላ 70 ኪሎ። ሞርሳው 25። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የሚኖረው ዕቃ 85። እስከዚህ 250 ነው። ግን ጠረጴዛው ባዶውን አይኖርም። 80 ኪሎ የሚመዝን የብረት በር ይጋደምበታል፣ አምፖል ለመቀየርም 70 ኪሎ ሰው ይቆምበታል። 400 ሆነ።

ይህን ለአራት ሳይሆን ለሦስት ማካፈል ነው ደንቡ። ወለል እንደ ጠረጴዛ ገጽ ልክ አይደለም፤ ባለ አራት እግር ነገር ሁሉ ሻካራ ወለል ላይ በሦስት እግር ነው የሚቆመው። 400 ለሦስት ሲካፈል 133 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ ስለዚህ የሚገዛው 150 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚል ነው። ሲገዛ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአራቱ ድምር ነው። «ይቺ ለአንዷ ነው ለአራቱ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቁጥር ያልተጻፈበትን ደግሞ ሻጩ ስለማለ ብቻ መግዛት ሞኝነት ነው። ቢያንስ ሹካውን ይዞ ጎማውን ወዲያ ወዲህ ማነቃነቅ ይበጃል፤ አናቱ ላይ ያለው ኩሽኔታ አዲስ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጭነት ሲያርፍበት ይብስበታል።

ባለሙያው ሁለተኛ ጊዜ የገዛው ባለ ላሜራ፣ 125 ሚሊ ስፋት ያለው የፖሊዩሬታን ጎማ ነው። ሰፊ ጎማ ደፍ ይወዳል፤ ያው 62 ኪሎ ያንኑ አንድ ሳንቲም የሚወጣው በ40 ኪሎ ግፊት ነው። ናይለን የበለጠ ጠንካራ ቢሆንም ሴራሚኩን ይጭረዋል፣ ይጮኻልም። ላስቲክ ድምፅ የለውም፤ ግን ከባድ ነገር ተሸክሞ ለሳምንታት ሲቆም መሬት የነካው በኩል ጠፍጥፎ ይቀራል።

ቁመቱን ያሰበበት ግን ዘግይቶ ነው። ጎማው ከነላሜራው 155 ሚሊ ይቆማል፤ 86 ሳንቲም የነበረው ጠረጴዛ ከአንድ ሜትር አለፈ። እግሮቹ መቆረጥ ነበረባቸው።

ከተቆረጠው እግር ስር 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት በየደ። የጎማውን ላሜራ በቀጥታ እግሩ ላይ መበየድ ያጓጓል፤ አልፎ አልፎም ይደረጋል። ነገር ግን ላሜራው ላይ የተቀባው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሳንባ ይጎዳል፣ ሙቀቱ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጣል፣ ጎማው ሲያረጅም በፍሌክስ ካልተቆረጠ አይወጣም። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ቀድሞ በትራፓኖ በሳ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቷል። የቀዳዳዎቹ ርቀት 80 በ60፣ ቱቦው ደግሞ 60 በ60 ስለሆነ ቡሎኑ ከቱቦው ግድግዳ የሚርቀው ስድስት ሚሊ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እግር ላይ ብየዳው አብጦ የቡሎኑን ራስ አላስቀምጥ አለ፤ በፍሌክስ መላግ ግድ ሆነ። ለቀሩት ሦስቱ ቱቦውን መሐል ላይ ከማቆም ይልቅ ብረቱን በሁለት ሳንቲም አስፍቶ ከቀዳዳዎቹ ገለል አድርጎ በየደው።

የእንጨት እግር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እንጨት ከጫፉ በኩል፣ ማለትም ጭረቱ በቆመበት አቅጣጫ፣ ቪቴ አይይዝም፤ ከጎን ሲገፋ ተነቅሎ ይወጣል። እዚያ ላሜራው ከእግሩ ጫፍ ስር ሳይሆን ከእግሩ ጎን በተጨመረ ወፍራም አግዳሚ ላይ፣ በአልፎ ሂያጅ ቡሎን ነው የሚታሰረው።

ፍሬኑ የመጨረሻው ቅሬታ ነበር። መጀመሪያ የተገዙት ጎማዎች ፍሬን ጎማውን እንጂ አናቱን አይዝም፤ ስለዚህ ፍሬን ተይዞም ጠረጴዛው በላጊው እጅ ስር ይወዛወዛል። አዲሶቹ ሁለቱን በአንድ ፔዳል ያስራሉ። የተሻለ ነው፤ ግን በመዶሻ ብረት ሲቀጠቀጥ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ይህን የሚያጠፋ ጎማ የለም። ባለሙያው ከየእግሩ አጠገብ 16 ሚሊ ዳዶ በይዶ ረጅም ቡሎን አስገባበት። ከባድ ሥራ ሲመጣ አራቱን ቡሎን ወደ ታች ጠምዝዞ ጠረጴዛውን ከጎማው ላይ ጥቂት ሚሊ ያነሳዋል፤ ጎማው በእጅ ሲዞር መነሳቱ ይታወቃል።

ከሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን በ13 ቁጥር ቺያቬ ሲነካካ ከ16ቱ ሦስቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር። አጥብቆ ሁለተኛ ዳዶ ደረበባቸው። ደፉ ላይ ደግሞ ልጆቹ አንድ የላሜራ ቁራጭ አጥፈው አስተኝተዋል።