በሌሊት አይፈለጌ መልእክት የላከው አካውንት

ጠዋት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኢሜይሏን ስትከፍት፣ ያልላከቻቸው መልእክቶች «አልደረሰም» እየተባሉ ተመልሰው ሞልተዋል እንበል። የሲስተም አስተዳዳሪው የሚጽፈው የክስተት ሪፖርት ከዚህ ይነሳል።

ሰርቨሩ ፖስትፊክስ ከሆነ አስተዳዳሪው መጀመሪያ በ`postqueue -p` የመልእክቶቹን ወረፋ ያያል። ቀጥሎ ላኪውን ከመዝገቡ ይፈልጋል፦

```
grep sasl_username /var/log/mail.log
```

ውጤቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ አካውንት ከማይታወቁ አድራሻዎች በትክክለኛ የይለፍ ቃል መግባቱን ያሳያል። ስለዚህ የተሰበረ ሰርቨር የለም፤ የተሰረቀው የይለፍ ቃሉ ነው። ብዙ ጊዜም የሚሰረቀው የመግቢያ ገጽ በሚመስል የሐሰት ገጽ ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አካውንቱ ሳይታገድ ወረፋው ቢጸዳ ወዲያው ይሞላል። ሲጸዳም የዚያ አካውንት መልእክቶች ብቻ ይሰረዛሉ፤ የሌሎች ሠራተኞች ደብዳቤ በዚያው ወረፋ እየጠበቀ ነውና። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻም አይበቃም፤ ሰርጎ ገቡ ኢሜይል ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ትቶ ሊሆን ስለሚችል ይፈተሻል።

የሰርቨሩ አድራሻ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ የጥቁር መዝገቦች ከገባ፣ ይሰረዝልን የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው መንስኤው ከተወገደ በኋላ ነው፤ ካልሆነ ተመልሶ ይገባል።

ጥሩ ሪፖርት ሠራተኛዋን በመውቀስ አያበቃም። አንድ አካውንት በሰዓት የሚልከው መልእክት ለምን ገደብ እንዳልነበረው ይጠይቃል፤ ገደቡን ማን፣ መቼ እንደሚያስቀምጥም ይጽፋል።