የ19 ሕፃናት ሠንጠረዥ

አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ በሳንባቸው የደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚገባው አይወርድም። ደሙ ሳንባን እየሸሸ ያልፋል፤ ሕፃኑም በቂ ኦክስጅን ያጣል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የነበሩ የሃርቫርድ ሐኪሞች እንዲህ ላሉ ሕፃናት ሁለት ዓይነት ሕክምና ነበራቸው። አንደኛው በመተንፈሻ መሣሪያና በመድኃኒት የሚሰጠው የተለመደው ሕክምና ነው። ሁለተኛው ኤክሞ የሚባለው አዲስ መሣሪያ ሲሆን፣ የሕፃኑን ደም ከሰውነቱ አውጥቶ ኦክስጅን ይሰጠውና መልሶ ያስገባዋል፤ ሳንባው እስኪያገግም ድረስ ሥራውን ይሠራለታል ማለት ነው።

የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ያደረጉት ጥናት በ1989 ታተመ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 19 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ውጤቱ በአራት ቁጥሮች ያልቃል፦

| | ሞቱ | ዳኑ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ኤክሞ | 0 | 9 | 9 |
| የተለመደው ሕክምና | 4 | 6 | 10 |
| ድምር | 4 | 15 | 19 |

ሠንጠረዡን ያየ ሰው ሁሉ ኤክሞ ይበልጣል ማለቱ አይቀርም። ግን ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ቢሆኑስ? ሊሞቱ የነበሩት አራት ሕፃናት በአጋጣሚ ብቻ በአንድ ወገን ወድቀው ቢሆንስ? መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን የሚሰድደው ካርል ፒርሰን በ1900 ወዳቀረበው ካይ ስኩዌር ነው። ካይ ስኩዌር በየሳጥኑ የታየውን ቁጥር፣ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። የሚጠበቀው ቁጥር የረድፉ ድምር በዓምዱ ድምር ተባዝቶ ለጠቅላላው ሲካፈል ይገኛል። በኤክሞ በኩል የሚጠበቀው ሞት 9 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ19፣ ማለትም 1.9 ገደማ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ 2.1 ገደማ ይሆናል። ስሌቱን እስከ መጨረሻው ከሄድንበት ካይ ስኩዌር 4.56፣ ፒ ቫሊዩው 0.033 ይመጣል። ከተለመደው የ0.05 ወሰን በታች ስለሆነ አጥኚው «ልዩነቱ አስተማማኝ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ይህ 0.033 ግን የሚታመን ቁጥር አይደለም። ካይ ስኩዌር ፒ ቫሊዩውን የሚያገኘው ከሠንጠረዡ ከራሱ ሳይሆን ለስላሳና ያልተቆራረጠ ከሆነ የሒሳብ ኩርባ ተውሶ ነው። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ኩርባው ከእውነታው ጋር ይገጥማል፤ ሲያንሱ ይርቃል። የተለመደው መመሪያ የሚጠበቁት ቁጥሮች ከ5 እንዳያንሱ ይላል። ብዙዎች የሚስቱት «የሚጠበቁት» የሚለውን ነው፤ የሚታየው በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። በሌላ ሠንጠረዥ የታየው 2 ሆኖ የሚጠበቀው 8 ቢሆን ችግር የለም። እዚህ ግን ከአራቱ ሳጥኖች በሁለቱ የሚጠበቀው ከ5 በታች ነው። SPSS የሚጠቀም የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ከሠንጠረዡ ሥር በትንንሽ ፊደል ያገኘዋል፦ `2 cells (50.0%) have expected count less than 5. The minimum expected count is 1.89.` ያቺን ማስታወሻ ዘሎ ከላይ ያለውን ፒ ቫሊዩ ብቻ መገልበጥ ከባድ ስሕተት ነው።

መፍትሔውን እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1934 በታተመው የመጽሐፉ አምስተኛ እትም አስፍሮታል። ፊሸር ኩርባ አይዋስም፤ ይቆጥራል። የዳርና ዳሩን ድምሮች እንዳሉ ይይዛቸዋል፦ 9 እና 10 ሕፃናት፣ 4 ሞትና 15 የዳኑ። ከዚያ እንዲህ ይጠይቃል፦ ሕክምናው ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ፣ የ19ኙ ሕፃናት ስም በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደባልቆ አራቱ ሟቾች በዕጣ እንደወጡ ነው። ዕጣው በስንት መንገድ ሊወጣ ይችላል?

ከ19 ሰው አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 3,876 ናቸው። አራቱም ከተለመደው ሕክምና ወገን የሚወጡባቸው 210 ብቻ ናቸው፤ ከ10 ሰው አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች ማለት ነው። አንድ ሟች ከኤክሞ፣ ሦስት ከሌላው ወገን የሚሆኑባቸው 1,080 ናቸው፤ ሁለት ለሁለት የሚካፈሉባቸው 1,620፤ ሦስት ለአንድ የሚሆኑባቸው 840፤ አራቱም ከኤክሞ የሚሆኑባቸው ደግሞ 126። ተደምረው በትክክል 3,876 ይሆናሉ። ሊኖር የሚችለው ሠንጠረዥ ከእነዚህ አምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ለስላሳው ኩርባ ያልገጠመውም ለዚህ ነው፤ አምስት ደረጃ ብቻ ባለበት ላይ ተስቦ ነበር።

የታየው ሠንጠረዥ ዕድል 210 ለ3,876 ሲካፈል፣ ማለትም 0.054 ነው። በዚህ አቅጣጫ ከእርሱ የባሰ ሠንጠረዥ ስለሌለ የአንድ ወገን ፒ ቫሊዩው ይኸው ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የምንፈትሽ ከሆነ ግን በተቃራኒው በኩል ዕድሉ ከታየው የማይበልጠውን እንጨምራለን፤ እርሱም 126 ነው። 336 ለ3,876 ሲካፈል 0.087 ይመጣል። በካይ ስኩዌር ከወሰኑ በታች የነበረው ውጤት በትክክለኛው ቆጠራ ከወሰኑ በላይ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አራቱም ሟቾች በአንድ ወገን መሆናቸው ለኤክሞ ሊገኝ የሚችለው የመጨረሻው ጥሩ ውጤት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሊኖር አይችልም። እንዲያም ሆኖ ከ0.05 በታች ሊወርድ አልቻለም። በ19 ሕፃናትና በ4 ሞት የኤክሞን ብልጫ በዚህ ወሰን ማረጋገጥ ከመነሻው የማይቻል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ 0.087ን አይቶ «ኤክሞ ጥቅም የለውም» የሚል ሰው ከባድ ስሕተት ይሠራል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መረጃው ማነስ ነው፤ ሕክምናው ከንቱ ነው አላለም።

የፊሸር ስሌትም ተቃዋሚ አላጣም። ጆርጅ ባርናርድ በ1945 ሌላ ፈተና አቀረበ። ክርክሩ ያለው ሁሉንም ድምሮች እንደ ቋሚ መያዙ ላይ ነው፤ በብዙ ጥናት ስንት ሰው እንደሚሞት አስቀድሞ የሚወስን የለምና። ድምሮቹ በእርግጥ ቋሚ ባልሆኑበት የፊሸር ፈተና ከሚገባው በላይ ጠንቃቃ ይሆናል፤ እውነተኛ ልዩነት ያመልጠዋል። በእኔ እምነት ግን በጥቂት ሕፃናት ላይ ለሚሰጥ ፍርድ፣ ዋጋ የሌለውን ጠንካራ መረጃ ከሚያስመስል ስሌት ይልቅ ጠንቃቃው ይሻላል።

የቦስተን ሐኪሞች ጥናቱን የነደፉት በአንዱ ወገን አራት ሞት ሲደርስ በዕጣ መመደቡ እንዲቆም አድርገው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት 20 ሕፃናት ሁሉም ኤክሞ ተሰጣቸው፤ 19ኙ ዳኑ። ጥርጣሬውን የቆረጠው ግን በ1996 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዞች ጥናት ነው። 185 ሕፃናት ተሳትፈውበት፣ ከተለመደው ሕክምና ወገን 59 ከመቶ ሲሞቱ ከኤክሞ ወገን የሞቱት 32 ከመቶ ሆኑ። በዚህ መጠን ላይ ካይ ስኩዌርም ፊሸርም አንድ መልስ ይሰጣሉ።

እንግዲህ ትንሽ ሠንጠረዥ ይዛችሁ የምትጽፉ ተመራማሪዎች፦ አንድ ወገን ወይስ ሁለት ወገን የሚለውን መረጃው ሳይሰበሰብ ወስኑ፤ ከፒ ቫሊዩው ጎን አራቱን ቁጥሮች ሁልጊዜ አስቀምጡ። 0.087 ብቻ የሰጣችሁት አንባቢ ከ19 ሕፃናት እንደተነሣችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።