አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሰማ ጆሮ፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ አድማጭ የሬዲዮ ስብከት አወቃቀር

በዐውደ ምሕረት የቆመ ሰባኪ ሁለት እጁን ወደ ትከሻው አንሥቶ «እረኛው በጉን እንዲህ አድርጎ ተሸከመው» ሲል ምእመኑ ያያል። ያው ስብከት ተቀርጾ በሬዲዮ ሲተላለፍ «እንዲህ» የምትለው ቃል ባዶ ትቀራለች። ቀጥሎ የሚሰማው እልልታም ምክንያቱ የማይታወቅ ድምፅ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በቤተ ክርስቲያን የተሰበከን ቃል በሬዲዮ ስለ ማስተላለፍ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ለሬዲዮ ተብሎ የሚዘጋጅን ስብከት ነው። አድማጩ ሰባኪውን አያይም፤ ደጋግሞ ይቋረጣል፤ የሰማውንም መልሶ ሊሰማ አይችልም። እነዚህ ሦስት ገደቦች የስብከቱን ቅርጽ እንዴት እንደሚወስኑ በአንድ ምሳሌ፣ በጠፋው በግ ታሪክ፣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

መንፈሳዊ መልእክትን ለጆሮ ብቻ ማዘጋጀት በአገራችን አዲስ ሥራ አይደለም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመውና በአማርኛ «ብሥራተ ወንጌል» ይባል የነበረው ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ፣ በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስከተወረሰበት ጊዜ ድረስ በአጭር ሞገድ ወደ ብዙ አገሮች ያስተላልፍ ነበር። ከጊዜው የሚበዛውን የያዙት ዜናና ትምህርታዊ ዝግጅቶች ሲሆኑ፣ ስብከት አነስተኛው ድርሻ ነበር። ይህ ክፍፍል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የሬዲዮ ሰባኪ ከዜናና ከሙዚቃ መካከል የሚገባ እንግዳ እንጂ ሊሰሙት ተዘጋጅተው የተሰበሰቡ ሰዎች ያሉት መምህር አይደለም።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ መቋረጥን በራሱ መንገድ ያበዛዋል። የኤፍ ኤም ሞገድ ከማሠራጫው እስከ ተቀባዩ በአመዛኙ ቀጥታ መስመር ስለሚፈልግ በተራራ ይጋረዳል። በመሐል ሜዳ ሜዳማ ሥፍራ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ፣ መርሐቤቴ ውስጥ ወደ ጀማ ወይም ወደ ወንጪት ሸለቆ በሚወርድ መንገደኛ እጅ ሊጠፋ፣ መንገዱ ሲታጠፍም ሊመለስ ይችላል። ባትሪ እንዳያልቅ የሚያጠፉም አሉ። ከሁሉ የሚበዛው መቋረጥ ግን የሥራ ነው። እንግዳ ይገባል፣ ጥጃ ያመልጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅ ይጠራል። አድማጩ ተመልሶ ሲመጣ ሰባኪው ሁለት ሐሳብ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ አዘጋጁ ሊያስበው የሚገባው አድማጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠውን ብቻ ሳይሆን፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ገብቶ ስምንተኛው ላይ የሚወጣውንም ጭምር ነው።

ችግሩ በመጀመሪያ የሚታየው በዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አሉታውም አብሮት ይዘገያል። በሥነ ጽሑፍ አማርኛ የተጻፈ ስብከት ይህን ባሕርይ እስከ ጫፍ ይጠቀምበታል። ለምሳሌ ያህል ራሴ ያዘጋጀሁትን ይህን ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዱ በጠፋበት ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሊፈልገው የሄደው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የቀሩትን ስለናቃቸው ወይም የጠፋው ከሌሎቹ የተሻለ ስለነበረ አይደለም።» ለአንባቢ ምንም እንከን የለበትም። በመጨረሻዋ ቃል ላይ በር የተንኳኳበት አድማጭ ግን «የጠፋው የተሻለ ስለነበረ» የሚለውን ይዞ ይቀራል፤ ይህም ሰባኪው ሊያስተምር የፈለገው ተቃራኒ ነው። በወረቀት ላይ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርመውን ስሕተት ጆሮ ማረም አይችልም።

ያው ሐሳብ ለሬዲዮ ሲቀረጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እረኛው መቶ በጎች ነበሩት። አንዲቱ ጠፋች። እረኛው ሊፈልጋት ወጣ። ከሌሎቹ ስለምትበልጥ ነውን? አይደለም። የራሱ ስለሆነች ነው።» ዓረፍተ ነገሮቹ ማጠራቸው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። «አይደለም» የምትለው ቃል ብታመልጥ እንኳ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጉዳቱን ይጠግነዋል። እንደ እኔ አመለካከት የሬዲዮ ስብከት ዋነኛ መመዘኛ ይህ ነው፤ የትኛዋም አንዲት ቃል ስትጎድል ትርጉሙ ሊገለበጥ አይገባም።

በሁለተኛው አጻጻፍ በጓ አንስታይ መሆኗንም አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በጉ በተባዕት ጾታ ተጽፏል። እረኛውም በጉም ተባዕት ሲሆኑ «አገኘው፣ አየው፣ ተከተለው» የሚሉት ግሦች ማን ማንን እንደሆነ ለዘገየ አድማጭ አይነግሩትም፤ አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ደብቆ ማለፍ ይወዳልና። «አገኛት» ሲባል ግን ፈላጊውና ተፈላጊዋ በአንዲት ቃል ይለያሉ። የግሪክኛው ቃል ገለልተኛ ጾታ ስለሆነ ለውጡ ትርጉሙን አይነካም። ይህን ማድረግ በማይቻልበት ታሪክ፣ ለምሳሌ በአባትና በሁለት ወንዶች ልጆቹ ምሳሌ፣ ያለው መፍትሔ «እሱ» በሚለው ፈንታ «አባትየው»፣ «ታናሹ» እያሉ ስሙን መድገም ነው። በጽሑፍ የሚሰለች ድግግሞሽ በጆሮ የመንገድ ምልክት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ የመጥበቅና የመላላት ነገር ነው። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ፣ ጽሑፉን በማይክሮፎን ፊት የሚያነበው ሰው ሊሳሳት ይችላል። «በጎቹ ይበላሉ» የሚለው ሐረግ «በ» ሲላላ በጎቹ ሣር ይግጣሉ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን በጎቹ የሌላ ምግብ ይሆናሉ። ጽሑፉን ያዘጋጀውና የሚያነበው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ አደጋው ይጨምራል። ከፊደሉ በላይ ነጥብ ማድረግ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ «ጅብ በጎቹን ይበላል» ብሎ መጻፍ የበለጠ ያስተማምናል።

አሁን ወደ ጠቅላላው አወቃቀር እንለፍ። አሥራ ሁለት ደቂቃ የተሰጠው ሰባኪ በዐውደ ምሕረት እንደለመደው ርእሱን አንብቦ፣ ወደ ታሪኩ ገብቶ፣ ምሥጢሩን ለመጨረሻ ቢያቆይ፣ መካከል ላይ የገባው አድማጭ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ይረከባል። የተሻለው መንገድ አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ፣ እዚህ «የራሱ ስለሆነች ፈለጋት» የምትለውን፣ ስብከቱን ሦስት ሦስት ደቂቃ በሚፈጁ አራት ክፍሎች ከፍሎ እያንዳንዱን ወደ እርሷ ማድረስ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እረኛው ማታ በጉረኖው በር ቆሞ ይቆጥራል፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቁጥሩ ያልቃል። ወንጌሉ ስለ ቆጠራው ስለማይናገር ሰባኪው «እኛ ማታ እንደምንቆጥረው» ብሎ የራሱን ጭማሪ ከንባቡ መለየት ይኖርበታል። በሁለተኛው ይፈልጋታል፣ በሦስተኛው ይሸከማታል፣ በአራተኛው ጎረቤቶቹን ይጠራል።

እያንዳንዱ ክፍል የሚከፈትበት ዓረፍተ ነገር ለዘገየው ሰው በር መሆን አለበት። ቀደም ሲል ያስቸገረን የአማርኛ ባሕርይ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። «አንዲት በጉ የጠፋችበት እረኛ አሁን ገደል አፋፍ ላይ ደርሷል» ሲባል ከስሙ በፊት የሚመጣው ሐረግ ያለፈውን ታሪክ ጠቅልሎ ያቀብላል። አዲሱ አድማጭ ይገባል፤ ነባሩም «እስካሁን እንዳየነው» የሚል አሰልቺ ክለሳ አይሰማም። ዋናዋ ዓረፍተ ነገርም በየክፍሉ በሌላ አፍ ብትመጣ ይመረጣል። አንድ ጊዜ ሰባኪው ይናገራታል፣ አንድ ጊዜ ጎረቤት ሲጠይቅ እረኛው ይመልሳታል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አድማጩ እንዲሞላት በጥያቄ ትተዋለች።

ዓይን የሚያየውን በምን እንተካ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በቃል ሥዕል ሣል» የሚል ነው፤ ይህ ግን የገጽታ መግለጫ እንዲደረደር ያደርጋል፤ አድማጩም እስከ ፍጻሜው አይጠብቅም። ለመንዝ አድማጭ በግ መግለጽ አያስፈልግም፤ ጠጉሯን ፈትሎ ባና የሚሠራ ሰው ያውቃታል። የሚበቃው በአካል የሚታወስ አንድ ነገር ነው፦ ዝናብ የጠጣ ጠጉር ክብደት በአንገት ላይ፣ በቀዝቃዛ እጅ የተያዙ አራት እግሮች። ሰባኪው በዐውደ ምሕረት በእጁ ያሳየው የነበረውን «እንዲህ» የሚተካው ይህ ነው።

ይሁንና ባለሙያ አድማጭ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። በግ የሚጠብቅ ሰው «ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ» የሚለውን ሲሰማ ወዲያውኑ «ለማን ትቶ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው እስኪመለስለት ድረስ ቀጣዩን አይሰማም፤ ሬዲዮው ሳይጠፋ፣ ማንም ሳይጠራው ተቋርጧል ማለት ነው። ሰባኪው በዚያው ሥፍራ «ማን እንደጠበቃቸው ወንጌሉ አልነገረንም፤ እረኛ የሆነ ሁሉ ግን ይህን ይጠይቃል» ቢል ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያወጣል፤ አድማጩንም ይመልሳል። በመድረክ ላይ የምእመኑን ፊት አይቶ የሚታረም ነገር እዚህ በጽሑፍ ጊዜ መገመት አለበት። የምዕራፍና የቁጥር ጥቅስም በንግግሩ መካከል ሲገባ ከጆሮ ያልፋል፤ «ሉቃስ ምዕራፍ 15» የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ሊያነብ የሚፈልግ ሰው በሚይዝበት ቦታ ቢነገር ይሻላል።

ጽሑፉ እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ የሚታወቀው እጁ ሥራ በያዘ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ብቻ በማንበብ ነው። ለአንዱ ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ይነበብለታል፤ ሌላው አራተኛው ላይ ተጠርቶ ሰባተኛው ላይ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «ወደድኸው?» ተብሎ ሳይሆን «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለ በግ ብቻ ከተናገረ ዋናዋ ዓረፍተ ነገር አልደረሰችውም። ዓረፍተ ነገሯን ብቻ ካለና ታሪኩን ካጣ፣ የክፍሎቹ በሮች ጠብበዋል። የጽሑፉም ርዝመት በሰዓት እየተለካ መነበብ አለበት፤ ቅጥያ የሚበዛበት የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የወጣው የቃላት ብዛት በደቂቃ ስሌት ለእኛ አይሠራም።

ይህ አወቃቀር የማይሸከመው ነገርም አለ። ታሪክ ያለው፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የሚያዝ ትምህርት ይመቸዋል። ምሥጢረ ሥላሴን የመሰለ፣ ሁለተኛው ነጥብ ያለ መጀመሪያው የማይቆምበት፣ ሦስተኛውም ሁለቱን የሚጠይቅ ትምህርት ግን በሦስት ደቂቃ ክፍል ቢቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ መካከል ላይ የገባ አድማጭም ያንን ስሕተት ትምህርቱ ነው ብሎ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ትምህርት ጥያቄ መጠየቅ በሚቻልበት ጉባኤ ቢሰጥ ይሻላል፤ ሬዲዮው ጉባኤው የሚደረግበትን ቀንና ቦታ ማሳወቅ ይችላል።