አንድ ዘንግ የሚጋሩ ሁለት ጥቅሎችና በሶሌኖይድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት

ሶሌኖይድ የሚባለው የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ በቧንቧ ላይ ዙር በዙር ተጠጋግቶ ሲጠመጠም የሚገኘው ረጅም ጥቅል ነው። ከረንት ሲያልፍበት የየዙሩ መግነጢሳዊ መስክ በቧንቧው ውስጥ ይደማመርና ከዘንጉ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ከቦታ ቦታ ብዙም የማይለያይ መስክ ይፈጠራል። ከቧንቧው ውጭ ግን መስኩ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን እጅግ ደካማ ነው። በሶሌኖይዱ ወገብ ላይ ሌላ አጭር ጥቅል ቢታከል ሁለቱ አንድ ዘንግ ይጋራሉ፤ ሽቦዎቻቸው ግን የትም አይገናኙም። የሚያስተሳስራቸው በሁለቱም መሐል የሚያልፈው መስክ ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው፣ 1,000 ዙር የተጠመጠመበት ሶሌኖይድ እንውሰድ። በላዩ ላይ የተጠመጠመው አጭር ጥቅል ደግሞ 200 ዙር ይኑረው። በሶሌኖይዱ ውስጥ 2 አምፒር ሲያልፍ በመሐሉ ያለው መስክ 5 ሚሊቴስላ ያህል ይሆናል። የአጭሩ ጥቅል እያንዳንዱ ዙር ይህን መስክ ይከባል፤ ከረንቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የተከበበው መስክ ስለሚለወጥ በአጭሩ ጥቅል ጫፎች ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። የጋራ ኢንደክታንስ የሚባለው የዚህ ትስስር መጠን ነው። በአንደኛው ጥቅል ከረንቱ በሰከንድ 1 አምፒር በሚሆን ፍጥነት ሲለወጥ በሌላኛው ላይ ስንት ቮልት እንደሚፈጠር ይናገራል፤ መለኪያውም ሄንሪ ነው። ስሌቱ አጭር ነው፦

M = μ₀ N₁ N₂ A / l

N₁ እና N₂ የሁለቱ ጥቅሎች ዙሮች ብዛት፣ A የሶሌኖይዱ አፍ ስፋት፣ l ርዝመቱ፣ μ₀ ደግሞ የባዶ ቦታ መግነጢሳዊ ቋሚ ነው። በዚህ ምሳሌ ውጤቱ 0.63 ሚሊሄንሪ ይሆናል።

በቀመሩ ውስጥ የአጭሩ ጥቅል ስፋት አለመኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አጭሩ ጥቅል ከሶሌኖይዱ ጋር ተጣብቆ ቢጠመጠምም ሬዲየሱ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ቢሰፋም፣ የሚከበው መስክ ያው በቧንቧው ውስጥ ያለው ነው፤ በመካከል የተጨመረው ባዶ ቦታ መስክ የለውም ለማለት ይቻላል። ይህ የሚሠራው ሶሌኖይዱ ከውጭው ጥቅል ወርድ ጋር ሲነጻጸር ረጅም እስከሆነ ድረስ ነው። የአጭሩ ጥቅል ቦታ ግን ልዩነት ያመጣል። ከወገቡ ተነስቶ ወደ ሶሌኖይዱ ጫፍ ቢንሸራተት በዚያ ያለው መስክ የመሐሉን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ የጋራ ኢንደክታንሱም በግማሽ ይወርዳል።

ትስስሩ ከሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆኑ ከዚህም የበለጠ ያስደንቃል። ከረንቱን በአጭሩ ጥቅል ውስጥ አሳልፎ በሶሌኖይዱ ላይ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ በቀጥታ ማስላት አድካሚ ነው፤ የአጭሩ ጥቅል መስክ የተበታተነ በመሆኑ ለ1,000ዎቹ ዙሮች የሚደርሳቸው ይለያያል። ሆኖም ጀርመናዊው ፍራንዝ ኖይማን በ1845 ያወጣው ቀመር እንደሚያሳየው ውጤቱ በትክክል ያው 0.63 ሚሊሄንሪ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ መርጦ ማስላት ይቻላል።

ቮልቴጅ የሚፈጥረው የመስኩ መኖር ሳይሆን መለወጡ ነው። ማይክል ፋራዴይ በነሐሴ 1831 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅሎችን ጠምጥሞ ሲሞክር የመለኪያው ቀስት የተንቀሳቀሰው ባትሪው ሲገናኝና ሲለያይ ብቻ ነበር፤ ከረንቱ ሳይለወጥ በሚፈስበት ጊዜ ቀስቱ ዜሮ ላይ ይቆማል። በምሳሌው ላይ 2 አምፒሩ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ቢጠፋ በአጭሩ ጥቅል ላይ 1.3 ቮልት ያህል ይፈጠራል። በመቶ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ቢጠፋ ግን 126 ቮልት ይደርሳል።

ሶሌኖይዱ የራሱን ዙሮችም በራሱ መስክ ይከባል። ስለዚህ ከረንቱ ሲለወጥ በራሱም ላይ ለውጡን የሚቃወም ቮልቴጅ ይነሳል። የራሱ ኢንደክታንስ በዚያው ቀመር ከ200ው ፈንታ 1,000 በማስገባት ይገኛል፤ 3.2 ሚሊሄንሪ ያህል ነው። የጫፎቹ መስክ ደካማ መሆኑ ሲታሰብ እውነተኛው መጠን ከዚህ በ3 በመቶ ገደማ ያንሳል።

የጉልበቱ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ተቃውሞ ነው። ከረንቱን ከዜሮ ወደ 2 አምፒር ለማድረስ ባትሪው የሚቃወመውን ቮልቴጅ እያሸነፈ ሥራ መሥራት አለበት። በሽቦው ሙቀት የሚባክነውን ትተን የተሠራው ሥራ ሲደመር ½ L I² ይሆናል። በምሳሌያችን 6.3 ሚሊጁል ነው፤ አንድ ግራም ነገርን 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሳት ይበቃል። ይህ ጉልበት የተቀመጠው በመዳቡ ውስጥ ሳይሆን በመስኩ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር መስክ የሚይዘው ጉልበት B²/2μ₀ ሲሆን ለ5 ሚሊቴስላ 10 ጁል ያህል ይመጣል። በሶሌኖይዱ ውስጣዊ ይዘት ሲባዛ ተመልሶ 6.3 ሚሊጁል ይሰጣል፤ ሁለቱ ስሌቶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ጉልበቱ በእርግጥ እዚያ እንደነበረ የሚታየው ማብሪያ ማጥፊያው በድንገት ሲከፈት ነው። ከረንቱ በመቶ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ቢገደድ በሶሌኖይዱ ላይ ከ600 ቮልት በላይ ይነሳል፤ በማጥፊያው ክፍተት ላይ ብልጭታ ይታያል፣ ትራንዚስተር ካለም ይቃጠላል። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች በሪሌይ ጥቅል ጫፎች ላይ ዳዮድ የሚያስሩት ከረንቱ በጥቅሉና በዳዮዱ ውስጥ እየዞረ ቀስ ብሎ እንዲከስም ነው።

በሁለቱም ጥቅሎች ውስጥ ከረንት ሲኖር የመስኩ ጉልበት የየራሳቸው ጉልበት ድምር ብቻ አይሆንም። መስኮቻቸው ሲደጋገፉ M I₁ I₂ ይጨመራል፤ ሲቃረኑ ይቀነሳል። ጉልበቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለማይችልም M ከሁለቱ ኢንደክታንሶች ብዜት ስኩዌር ሩት በፍጹም አይበልጥም። ይህ የምልክት ልዩነት ለመለካትም ይጠቅማል። ሁለቱ ጥቅሎች በተከታታይ ይታሰሩና ጠቅላላው ኢንደክታንስ ይለካል፤ ከዚያ የአንደኛው ጫፎች ተገልብጠው እንደገና ይለካል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት አራት እጥፍ M ነው፤ በምሳሌያችን 2.5 ሚሊሄንሪ ያህል መምጣት አለበት። ልዩነቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጥቅሎቹ መስክ አይጋሩም ማለት ነው። በጣም ካነሰ ደግሞ አጭሩ ጥቅል ከወገቡ ርቋል፣ ወይም ከፊሉ ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሟል።

ጉልበቱ በመስኩ ስኩዌር ስለሚያድግ ጠንካራ መስክ ሌላ ዓለም ነው። የ1.5 ቴስላ ኤምአርአይ ማሽን መስክ ከምሳሌያችን 300 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር የሚይዘው ጉልበት ግን በ90,000 እጥፍ ልቆ ወደ 900,000 ጁል ይጠጋል። የማሽኑ ጥቅል ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዝ ከረንትን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሳልፋል። አንዱ ክፍል ድንገት ቢሞቅ ግን እንደ ተራ ሽቦ መቃወም ይጀምራል፤ የመስኩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀቱም ወደ ቀሪው ጥቅል ይዛመታል። በዚያን ጊዜ ሂሊየሙ ፈልቶ በብዛት ስለሚተንን ከማሽኑ ክፍል እስከ ሕንፃው ውጭ የሚወጣ ሰፊ ማስተንፈሻ ቱቦ ይዘረጋል። ቱቦው ከተደፈነ ጋዙ ክፍሉን ሞልቶ ኦክስጅኑን ሊያስወጣ ይችላል።