ሰባት ሺህ ብር የት ገባ?

ሰኔ 30 ቀን ዓመቱን የሚዘጋ አንድ ሱቅ እንውሰድ። በሙከራ ሚዛኑ ላይ የመብራት ወጪ 44,000፣ የቤት ኪራይ 150,000 ብር ሰፍሯል። የሰኔ ወር መብራት 4,000 ብር ግን ገና አልተከፈለም። ባይከፈልም የዚህ ዓመት ወጪ ነውና መብራቱ 48,000 ይሆናል፤ 4,000ው ከዕዳ ጋር ይጻፋል። ኪራዩ ተቃራኒ ነው። ሐምሌ 1 ቀን የተከፈለው ለ15 ወር ስለሆነ፣ የዓመቱ ወጪ 120,000 ብቻ ነው። ቀሪው 30,000 አከራዩ ወደፊት በሚሰጠን ቤት የሚካካስ ሀብት ነው።

ተማሪን የሚያደናግረው የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያው ነው። ደንበኞች 206,000 ብር አለባቸው፤ ከዚህ 6,000ው እንደማይመለስ ተረጋግጧል። ጥያቄው 5 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ ይላል፤ ካለፈው ዓመት የዞረ 7,000 ብር መጠባበቂያም አለ። መጀመሪያ የማይመለሰው ይሰረዛል። መጠባበቂያው የሚሰላው በቀሪው 200,000 ላይ ነው፤ 10,000 ብር። ከትርፍ የሚቀነሰው ግን ጭማሪው 3,000 ብቻ ነው፤ ሰባቱ ሺህ ባለፉት ዓመታት ትርፍ ላይ ተቀንሷል። ከተሰረዘው 6,000 ጋር የዓመቱ ወጪ 9,000 ይሆናል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ግን ሙሉው 10,000 ተቀንሶ ተሰብሳቢው 190,000 ሆኖ ይታያል።

ሙሉውን 10,000 ከትርፍ የቀነሰ ሰው መግለጫው በ7,000 አይገጥምለትም። ልዩነቱ ከአሮጌው መጠባበቂያ ጋር እኩል ከሆነ ስህተቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ድካም ነው።