ለሶሌታው ስንት ቤርጋ ይበቃል?

የአንድ ዘመዴ ቤት ሶሌታ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው አብሬው እንጨቱ ላይ ወጣሁ። ፌሮው ተዘርግቶ፣ በጥቁር ሽቦ ታስሮ አልቋል። ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። በአንደኛው ዳር ያሉት አምስት ረድፎች ግን ከሌሎቹ ይለያሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአምስት አጫጭር ቁርጥራጮች የተቀጣጠሉ ናቸው። አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበትን ቦታ በሜትር ስንለካው 31 ሳንቲም ሆነ። ፕላኑ የሚለው 60 ነው። ፌራዮውን ስንጠይቀው አልደበቀንም። «ጋሼ፣ ፌሮው አልበቃ አለኝ። ግን አይስጉ፣ በሽቦ ጠበቅ አድርጌ አስሬዋለሁ» አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ምንም አይሸከምም፤ ሥራው ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ፌሮውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ መያዝ ብቻ ነው። ሶሌታው ጭነት ሲያርፍበት የታችኛው ፌሮ ይሳባል። ፌሮው መሀል ላይ ተቆርጦ ከሌላ ጋር ከተቀጠለ፣ ስበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዙሪያቸው ባለው ኮንክሪት በኩል ነው። ኮንክሪቱ የፌሮውን ሸንተረር አንቆ ይይዛል፣ የያዘውንም ኃይል አጠገቡ ላለው ፌሮ ያቀብላል። ለዚህ ርዝመት ያስፈልገዋል። ፌራዮዎች ኦቨርላፕ የሚሉት ይህንኑ የመደራረቢያ ርዝመት ነው። ሲያጥር ኮንክሪቱ በፌሮው መስመር ይሰነጠቅና ፌሮው ይንሸራተታል።

ርዝመቱ የሚነገረው በፌሮው ውፍረት እጥፍ ነው። በብዛት ከ40 እስከ 60 እጥፍ ይሆናል፤ ኮንክሪቱ ደካማ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ብዙ ፌሮ አንድ መስመር ላይ የሚቀጠል ከሆነም ይረዝማል። በዘመዴ ፕላን 60 እጥፍ ተብሏል፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ 60 ሳንቲም መሆኑ ነው። የሚገዛው መሐንዲሱ ፕላኑ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው እንጂ ፌራዮው የለመደው አይደለም።

ታዲያ ፌሮው ለምን አጠረ? ማንም አልሰረቀም። ስህተቱ የተሠራው ግዢው ሲታዘዝ ነው።

ሶሌታው 14 ሜትር በ9 ሜትር ነው። የታችኛው መረብ በሁለቱም አቅጣጫ የ10 ፌሮ በየ20 ሳንቲም ይደረደርበታል። በየዳሩ 2 ሳንቲም ለኮንክሪት ሽፋን ሲተው፣ በረጅሙ አቅጣጫ 13.96 ሜትር የሚረዝሙ 46 ረድፎች፣ በአጭሩ ደግሞ 8.96 ሜትር የሆኑ 71 ረድፎች ይወጣሉ። ጫፉ የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ የእጥፋቱ ርዝመትም ይጨመርበት ነበር። ሂሳቡን የሠራው ሰው ሁሉንም ደመረና 1,278 ሜትር አገኘ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ ለ12 አካፈለው፤ 107 ቤርጋ ሆነ። ለብክነት 5 በመቶ ጨመረና 112 አዘዘ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ጥንቁቅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ፌሮ እንደ ጨርቅ በሜትር ተቆርጦ አይሸጥም፤ 12 ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው።

ሂሳቡ መጀመር የነበረበት ከመቁረጫው ነው። 8.96 ሜትር ከአንድ ቤርጋ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ 3.04 ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ ለ71 ረድፍ 71 ቤርጋ ግድ ይላል፣ 71 ቁርጥራጭም ይከማቻል። በረጅሙ አቅጣጫ ደግሞ 13.96 ላይ የ60 ሳንቲም ኦቨርላፕ ሲጨመር 14.56 ሜትር ይሆናል። ይህ አንድ ሙሉ ቤርጋና 2.56 ሜትር ማለት ነው። 2.56ቱን ከአዲስ ቤርጋ ከቆረጥን 12 ተጨማሪ ቤርጋ ይበላል። ከተረፉት የ3.04 ቁርጥራጮች ከወሰድነው ግን አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ድምሩ 71 እና 46፣ 117 ቤርጋ ነው።

የታዘዘው 112 ነበር። አምስት ጎደለ። ፌራዮው ለመጨረሻዎቹ አምስት ረድፎች ሙሉ ቤርጋ ስላጣ ቁርጥራጮቹን አምስት አምስት አድርጎ ቀጣጠላቸው፤ እንዲደርሱለትም ኦቨርላፑን አሳጠረው። የትዕዛዝ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው እንዲህ ነው። የረድፍ ቁጥር ቢቀነስ ወዲያው ያስታውቃል፤ ኦቨርላፕ ሲያጥር ግን በሜትር ካልለኩት አይታይም።

ከርዝመቱ ሌላ ቦታውም ወሳኝ ነው። የታችኛው ፌሮ በብርቱ የሚሳበው በሁለት ቢም መካከል፣ በሶሌታው ሆድ ላይ ስለሆነ የሚቀጠለው ቢሙ አካባቢ ነው። የላይኛው ፌሮ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዘመዴ ቤት ከፊት በረንዳ፣ ከኋላ ሰገነት ስላለ ከሁለቱም ጫፍ 2.40 ሜትር ገባ ብሎ ቢም አለ። አንዱን ረድፍ ከግራ፣ ቀጣዩን ከቀኝ እየጀመሩ ሙሉ ቤርጋ ሲዘረጉ መቀጠያው ቢሙ ላይ ይውላል፤ አጎራባች ረድፎችም አንድ መስመር ላይ አይቀጠሉም። ቢሞቹ ሶሌታውን ለሦስት እኩል የሚከፍሉት ቢሆን ኖሮ ግን ይኸው አቆራረጥ መቀጠያውን የመጨረሻው ክፍል ሆድ ላይ ይጥለው ነበር። ወደ ቢሙ ለመመለስ ረጅሙን ረድፍ 9.63 እና 4.93 አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የ3.04 ቁርጥራጭም ለዚህ አይደርስም። ትዕዛዙ ያኔ 140 ቤርጋ ይሆናል። ስፋቱ ያው፣ ፌሮው ያው፣ ልዩነቱ 23 ቤርጋ።

ለብክነት በመቶኛ መጨመርን የማላምነው ለዚህ ነው። 5 በመቶ ወይም 10 በመቶ የሚለው ሰው ሶሌታውን ሳያይ እየገመተ ነው። በዚህ ቤት 10 በመቶ ቢጨመር 118 ቤርጋ ስለሚሆን ይበቃ ነበር፤ የቢሙ ቦታ ቢለወጥ ግን 22 ቤርጋ ያጥር ነበር። ስፋቱ 6 ሜትር ቢሆን ከአንድ ቤርጋ ሁለት ረድፍ ይወጣና ብክነቱ 8 ሳንቲም ብቻ ነው። 6.20 ቢሆን ደግሞ አንድ ብቻ ይወጣና 5.84 ሜትር ይተርፋል። መጀመሪያ መቁረጫው ይሠራ፤ ከዚያ ላይ ለስህተት ሁለት ሦስት ቤርጋ ቢጨመር ያስኬዳል።

እኛ መሐንዲሱን ጠርተን አሳየነው። አምስቱን ረድፎች አስፈታቸው፣ አምስት ቤርጋ ተገዛ፣ ሙሌቱ በአንድ ቀን ዘገየ። ትርፍ ቁርጥራጮቹም አልተጣሉም፤ መሐንዲሱ ለቢሙ ላይኛ አጭር ፌሮ እንዲውሉ አደረገ።

ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ፌሮ ከማዘዛችሁ በፊት ፌራዮውንና መሐንዲሱን አስቀምጣችሁ እያንዳንዱ ቤርጋ የት እንደሚቆረጥና ትራፊው የት እንደሚገባ በወረቀት አስጽፉ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊትም ሜትር ይዛችሁ ውጡና ኦቨርላፑን፣ በተለይ በመጨረሻ የተሠሩትን ረድፎች፣ ራሳችሁ ለኩ። ከተሞላ በኋላ የሚለካ የለም። የጎደሉት አምስት ቤርጋዎች ክብደታቸው 37 ኪሎ ብቻ ነበር።